0.1 ሲደመር 0.2 ለምን ከ0.3 ጋር እኩል አይሆንም? የለመድነው መልስ ትክክል ነው ወይ?

(በፕሮግራመሮች የምሽት ስብሰባ ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። እንደተናገርኩት ነው ያስቀመጥኩት። ስክሪን ላይ ያሳየኋቸውን ኮዶች በየቦታቸው አስገብቻለሁ።)

እንደምን አመሻችሁ! ከሥራ ወጥታችሁ፣ ትራፊኩን ታግላችሁ እዚህ ስለተገኛችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ፊት ለፊት የተቀመጣችሁ ተማሪዎች፣ ከኋላ የቆማችሁ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ሁላችሁም እንኳን ደህና መጣችሁ።

ዛሬ የማነሳው አንዲት መስመር ኮድ ናት። ሁላችሁም ታውቋታላችሁ።

```python
>>> 0.1 + 0.2 == 0.3
False
>>> 0.1 + 0.2
0.30000000000000004
```

ይህን አይቶ ያልደነገጠ ጀማሪ አለ? የለም። ታዲያ ጀማሪው ሲጠይቀን ምንድን ነው የምንመልስለት? «ኮምፒውተር 0.1ን እና 0.2ን በባይናሪ በትክክል መያዝ ስለማይችል ነው» እንላለን። እሱም እሺ ይላል። ነገሩ እዚያው ያልቃል።

የዛሬው ጥያቄዬ ይህ ነው። ይህ መልስ ትክክል ነው ወይ? ኮዱን አይደለም የምንመረምረው፤ መልሱን ነው። በሦስት ደረጃ እሄዳለሁ። መጀመሪያ መልሱ ውስጥ ያለውን እውነት እናያለን። ቀጥሎ የት ላይ እንደሚጎድል እናያለን፤ ብዙውን ጊዜ የምንቆየው እዚህ ላይ ነው። መጨረሻ ላይ የጎደለው መልስ ወደ ምን ዓይነት የተሳሳተ መፍትሔ እንደሚወስደን አሳያችኋለሁ።

እንጀምር። መልሱ ውስጥ ያለው እውነት ምንድን ነው?

አንድ ሦስተኛን በአስርዮሽ ስትጽፉ 0.3333 እያለ ማለቂያ የለውም። ለምን? አስር የሚካፈለው ለ2 እና ለ5 ብቻ ነው። የክፍልፋዩ ታህት ከ2 እና ከ5 ብቻ የተሠራ ከሆነ ጽሑፉ ያልቃል። ሦስት ከገባበት አያልቅም። በባይናሪ ደግሞ ያለን 2 ብቻ ነው። ግማሽ ያልቃል። ሩብ ያልቃል። አንድ ስምንተኛ ያልቃል። አንድ አስረኛ ግን ታህቱ ውስጥ 5 አለበት። ስለዚህ አያልቅም። እንዲህ ነው የሚሆነው፦

```
0.1 = 0.000110011001100110011...
```

0011 እየተደጋገመ ይቀጥላል። ፓይተን፣ ጃቫስክሪፕት፣ የጃቫ ዳብል፣ ሁሉም የሚጠቀሙበት ባለ 64 ቢት አቀማመጥ ለቁጥሩ ትርጉም ያላቸው 53 የባይናሪ አሃዞች ብቻ ነው የሚሰጠው። ቀሪው ይጠጋጋል። 0.1ም፣ 0.2ም በትክክል አይቀመጡም። እስከዚህ ድረስ መልሳችን እውነት ነው። ማንም አይከራከርበትም።

ታዲያ ምን ጎደለው?

የጎደለውን ያሳየችኝ ፕሮግራመር አይደለችም። የሒሳብ ክፍል ኃላፊ ነበረች። የሰው ሥራ እየተቀበልን ሶፍትዌር በምንሠራበት ጊዜ ለአንድ ድርጅት የክፍያ መቆጣጠሪያ ሠርተን ነበር። ፕሮግራሙ ሁለት የአገልግሎት ክፍያዎችን ይደምርና ከደረሰኙ ድምር ጋር ያመሳክራል። እኩል ካልሆኑ ቀይ ምልክት ያወጣል። አንድ ቀን ኃላፊዋ አስጠሩን። ስክሪናቸው ላይ ቀይ ምልክት አለ። 10 ሳንቲም እና 20 ሳንቲም፣ ድምሩ 30 ሳንቲም። ፕሮግራሙ «አልተመጣጠነም» ይላል።

አብሮኝ የሄደው ልጅ ጎበዝ ፕሮግራመር ነው። በትሕትና አስረዳቸው። «እትዬ፣ ኮምፒውተሩ 0.1ን እና 0.2ን በትክክል መያዝ አይችልም። ለዚህ ነው» አላቸው።

እሳቸውም አዳመጡት። ከዚያ ወደታች ስክሮል አድርገው ሌላ ረድፍ አሳዩት። «ልጄ፣ እዚህ ጋ 20 ሳንቲምና 30 ሳንቲም 50 ሳንቲም ነው ብሎ አረንጓዴ ሰጥቶኛል። እዚህ ጋ ደግሞ 10 እና 30፣ 40 ነው ብሎ አረንጓዴ ሰጥቶኛል። 10ን መያዝ ካልቻለ እዚህ እንዴት ቻለ? 20ን መያዝ ካልቻለ እዚያ እንዴት ቻለ?»

ልጁ ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። ጥያቄው ተራ ጥያቄ አልነበረም። አንድን ማብራሪያ የምንፈትነው እንደዚህ ነው። «ሀ ስለሆነ ለ ይሆናል» ካልን፣ ሀ ያለበት ቦታ ሁሉ ለ መገኘት አለበት። እስቲ እንያቸው፦

```python
>>> 0.1 + 0.2 == 0.3
False
>>> 0.1 + 0.3 == 0.4
True
>>> 0.2 + 0.3 == 0.5
True
```

0.1፣ 0.2፣ 0.3፣ 0.4፣ አራቱም በትክክል አይቀመጡም። ታህታቸው ውስጥ 5 ስላለ አራቱም አያልቁም። ያ ብቻ ምክንያት ቢሆን ኖሮ ሦስቱም መስመሮች «ውሸት» ይሉ ነበር። አላሉም። ስለዚህ የለመድነው መልስ አንድ ነገር ትቷል። ምን ትቷል?

አሁን ቀስ ብለን እንሂድ። እዚህ ላይ ትዕግሥታችሁን እፈልጋለሁ።

ማስመሪያ አስቡ። ኮምፒውተሩ ሊይዛቸው የሚችላቸው ቁጥሮች ማስመሪያው ላይ ያሉት ጭረቶች ናቸው። በጭረቶቹ መካከል ያለን ቁጥር መያዝ አይችልም፤ በቅርብ ወዳለው ጭረት ይወስደዋል። ጭረቶቹ ግን በሁሉም ቦታ እኩል አይራራቁም። ከ0.25 እስከ 0.5 ባለው ክልል በሁለት ጭረቶች መካከል ያለው ርቀት አንድ ሲካፈል ለ2 ርቢ 54 ነው። ከ0.125 እስከ 0.25 ባለው፣ ማለትም 0.2 በሚገኝበት ክልል፣ ርቀቱ የዚያ ግማሽ ነው። 0.1 በሚገኝበት ክልል ደግሞ በመጀመሪያ የጠቀስኩት ርቀት ሩብ ነው። ወደ ዜሮ በተጠጋን ቁጥር ጭረቶቹ ይጠጋጋሉ።

አሁን ሁሉንም ቁጥር በ0.3 ሰፈር ጭረት እንለካ። ይህን ቤታችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። በ2 ርቢ 54 ማባዛት ነው። በ2 ርቢ ማባዛት ቁጥሩን አይነካውም፤ የነጥቡን ቦታ ነው የሚያዛውረው። ስለዚህ የምናየው ኮምፒውተሩ የያዘውን ራሱን ነው።

```python
>>> 0.1 * 2**54
1801439850948198.5
>>> 0.2 * 2**54
3602879701896397.0
>>> 0.3 * 2**54
5404319552844595.0
```

ቁጥሮቹ ረጃጅም ናቸው፤ አትፍሯቸው። መጨረሻቸውን ብቻ ነው የምናየው። በእጅ ብናሰላው እውነተኛው 0.1 የሚያርፈው 198.4 ላይ ነው። የተቀመጠው 198.5 ላይ ነው። በ0.1 ጭረት በልጧል። እውነተኛው 0.2 የሚያርፈው 396.8 ላይ ነው። የተቀመጠው 397 ላይ ነው። በ0.2 ጭረት በልጧል። እሺ። እስካሁን የልጁ ማብራሪያ ነው።

አሁን 0.3ን እዩልኝ። እውነተኛው 0.3 የሚያርፈው 595.2 ላይ ነው። የተቀመጠው 595 ላይ ነው። በ0.2 ጭረት አንሷል። አስተውላችኋል? 0.1 እና 0.2 ወደ ላይ ተገፍተዋል፤ 0.3 ወደ ታች ተገፍቷል። የለመድነው መልስ ስለ 0.3 አንድም ቃል አይናገርም! «0.1 እና 0.2 በትክክል አይቀመጡም» እንላለን እንጂ፣ ከእኩል ምልክቱ በስተቀኝ ያለው 0.3 ራሱ እውነተኛው 0.3 እንዳልሆነ አንናገርም። ኮዱ ግን የሚያወዳድረው ከእሱ ጋር ነው።

አሁን እንደምር። 198.5 እና 397 ሲደመሩ 595.5። ይህ ትክክለኛው ድምር ነው፤ ምንም አልተጠጋጋም። ከተቀመጠው 0.3 ጋር ስናወዳድረው በግማሽ ጭረት ይበልጣል። ግን በዚህ ሰፈር ግማሽ ጭረት የሚባል ነገር የለም። ኮምፒውተሩ ወይ 595ን ወይ 596ን መምረጥ አለበት። የትኛው ይቀርበዋል?

ሁለቱም እኩል ይርቁታል። ልክ መሀላቸው ላይ ነው ያረፈው። ወዲህም አይደለም፣ ወዲያም አይደለም። በትክክል እኩሌታው ላይ።

እዚህ ላይ ነው ዕጣው የሚወሰነው። 595ን ከመረጠ ከ0.3 ጋር እኩል ይሆናል፤ ይህ ስብሰባም አያስፈልገንም ነበር። 596ን ከመረጠ እኩል አይሆንም። ታዲያ ማን ነው የሚወስነው? በዘፈቀደ ነው? አይደለም። ሕግ አለው።

ሕጉ IEEE 754 በሚባለው ደረጃ ውስጥ ተጽፏል። በ1985 ነው የወጣው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የኮምፒውተር አምራች በራሱ መንገድ ያጠጋጋ ስለነበር፣ አንዱ ማሽን ላይ የሠራ ፕሮግራም ሌላው ላይ ሌላ መልስ ይሰጥ ነበር። በዚህ ሥራ ላይ ትልቁን ድርሻ ያበረከተው ዊልያም ካሃን የተባለ የሒሳብ ሊቅ ነው። በ1989 የቱሪንግ ሽልማትን ተሸልሟል። ደረጃው በነባሪነት የሚለው እንዲህ ነው፦ ድምሩ በሁለት ጭረቶች እኩል መሀል ላይ ካረፈ ተጋማሹን ምረጥ። 595 ኢ-ተጋማሽ ነው። 596 ተጋማሽ ነው። ስለዚህ 596 ተመረጠ።

```python
>>> (0.1 + 0.2) * 2**54
5404319552844596.0
```

ለምን ተጋማሹን? ሁልጊዜ ወደ ላይ ብናጠጋጋ ብዙ ቁጥር ስንደምር ድምሩ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይንሸራተታል። ተጋማሹን መምረጥ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች ስለሚወስድ መድልዎውን ያጠፋዋል። ጥሩ ሕግ ነው። ግን እዚህ ቦታ ላይ 0.1 + 0.2ን ከ0.3 ያራቀው እሱ ነው።

አሁን ሒሳቡን እናወራርድ። በመጨረሻ የተገኘው ልዩነት አንድ ሙሉ ጭረት ነው፤ 596 እና 595። ይህ አንድ ጭረት ከየት መጣ? ከ0.1 እና ከ0.2 አቀማመጥ የመጣው 0.3 ጭረት ነው። ከ0.3 አቀማመጥ የመጣው 0.2 ጭረት ነው። ከመደመሩ፣ ማለትም ድምሩን ከማጠጋጋት የመጣው 0.5 ጭረት ነው። ግማሹ ከመደመሩ ነው! የለመድነው መልስ የሚያስረዳው ከአስር እጅ ሦስቱን ብቻ ነው። ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ከአስር እጅ ሦስት! ሐሰት አልተናገርንም። ግን ትልቁን ክፍል ትተነው ነበር።

አሁን ወደ ኃላፊዋ ጥያቄ እንመለስ። 20 እና 30 ሳንቲም ለምን እኩል ሆነ? 0.2 በ0.2 ጭረት በልጧል። 0.3 በ0.2 ጭረት አንሷል። ሲደመሩ ስህተቱ ስህተቱን አጣፋው። ድምሩ ልክ ግማሽ ነው፤ ግማሽ ደግሞ በባይናሪ በትክክል ይቀመጣል። ሁለት ትክክል ያልሆኑ ቁጥሮች ተደምረው ፍጹም ትክክል የሆነ መልስ ሰጡ። «በትክክል ስለማይቀመጡ እኩል አይሆኑም» የሚለው አባባል እዚህ ላይ ይወድቃል።

10 እና 30 ሳንቲምስ? ይህኛው ይበልጥ ያስገርማል። የተቀመጠው 0.1 በ0.1 ይበልጣል፤ የተቀመጠው 0.3 በ0.2 ያንሳል። ድምራቸው የሚያርፈው 793.5 ላይ ነው። ልብ በሉ፣ አሁንም ልክ እኩል መሀል ላይ ነው! 793 ወይስ 794? ተጋማሹ 794 ነው። የተቀመጠው 0.4 ደግሞ የት ነው ያለው? 794 ላይ። እኩል ሆኑ። ያው አንድ ሕግ፣ ያው እኩሌታ ላይ የማረፍ አጋጣሚ፣ እዚያ ለያያቸው፤ እዚህ አገናኛቸው።

አንድ ተጨማሪ ማስረጃ ልስጣችሁ። ብዙ ሰው «ቢቱ ስላነሰ ነው፤ ቢት ብንጨምር ይስተካከላል» ይላል። ተቃራኒውን እንሞክር። ቢቱን እንቀንስ። ጃቫ ላይ ባለ 32 ቢቱን ፍሎት ተጠቀሙ፦

```java
System.out.println(0.1f + 0.2f == 0.3f); // true
System.out.println(0.1 + 0.2 == 0.3);    // false
```

በጣም ሻካራው እኩል ነው አለ፤ የረቀቀው አይደለም አለ። ምክንያቱም በ32 ቢት ጭረቶቹ ሌላ ቦታ ናቸው። እዚያ ድምሩ የሚያርፈው 10066329.75 ላይ ነው፤ በቅርብ ያለው ጭረት 10066330 ነው፤ የተቀመጠው 0.3ም እሱው ነው። ቢት ማብዛት ስህተቱን ያሳንሳል እንጂ እኩልነትን አያመጣም። እኩል ይሆናል ወይስ አይሆንም የሚለውን የሚወስነው እነዚህ ሦስት ቁጥሮች በዚያ ማስመሪያ ላይ የት እንዳረፉ ነው።

አንድ ነገር እግረ መንገዴን ላንሳ። ስክሪኑ ላይ የሚታየው 0.30000000000000004 ራሱ ኮምፒውተሩ የያዘው ቁጥር አይደለም። ፓይተን የሚጽፍልን ያንኑ ጭረት ከጎረቤቶቹ ለመለየት የሚበቃውን አጭሩን ጽሑፍ ነው። 0.1 ሲባል «0.1» ብሎ የሚመልሰውም ለዚህ ነው፤ በትክክል ስለያዘው አይደለም። ሙሉውን ማየት ከፈለጋችሁ፦

```python
>>> from decimal import Decimal
>>> Decimal(0.1)
Decimal('0.1000000000000000055511151231257827021181583404541015625')
```

ይህ ሁሉ አሃዝ እውነተኛ ነው። አያልቅም የተባለው ቁጥር ከተጠጋጋ በኋላ የሚያልቅ ሆኗል። ስለዚህ «ኮምፒውተሩ የያዘው ግምት ነው፣ የሚዋዥቅ ነገር ነው» የሚለውም ልክ አይደለም። የያዘው ቁርጥ ያለ አንድ ቁጥር ነው። 0.1 አይደለም እንጂ ቁርጥ ያለ ነው። ዛሬም፣ ነገም፣ ደረጃውን በሚያከብር በየትኛውም ማሽን ላይ ያው ነው።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ የለመድነው መልስ ሙሉ በሙሉ የሚበቃበት ቦታም አለ። 107 ብር ላይ 2.5 በመቶ ኮሚሽን ስንት ነው? 2 ብር ከ67 ሳንቲም ተኩል። ወደ ሳንቲም እናጠጋጋው፦

```python
>>> round(2.675, 2)
2.67
```

ሒሳብ ሠራተኛ 2.68 ነው የምትለው። ወደ ተጋማሽ እንሂድ ብንልም 268 ተጋማሽ ነውና መልሱ 2.68 ነው። በሁለቱም ሕግ 2.68 መሆን ነበረበት። ታዲያ 67 ከየት መጣ? እዚህ ላይ መደመር የለም። ማወዳደርም የለም። 2.675 ገና ሲቀመጥ ከ2.675 በጣም በትንሹ አንሷል፤ 2.67499999 እያለ ይሄዳል። ስለዚህ ከግማሽ በታች ነው፤ ወደ ታች ሄደ። እዚህ ላይ «ቁጥሩ በትክክል አይቀመጥም» ማለት ሙሉ መልስ ነው። ሁለቱን ጉዳዮች መለየት የሚያስፈልገን ለዚህ ነው። በአንዱ ስህተቱ የመጣው ከአቀማመጥ ብቻ ነው፤ በሌላው ሥራው ራሱ፣ መደመሩ፣ አዲስ ስህተት ጨምሯል።

ወደ ሦስተኛው ነጥቤ መጣሁ። መልሱ ቢጎድል ምን አለበት? ምን ይጎዳል?

የሚጎዳው መፍትሔውን ነው። ልጁ የዚያን ቀን ያቀረበው መፍትሔ የታወቀ ነው። «ልዩነታቸው ከኤፕሲሎን ካነሰ እኩል ናቸው እንበል» አለ። ኤፕሲሎን የሚባለው ፓይተንም ጃቫስክሪፕትም ያስቀመጡልን ትንሽ ቁጥር ነው፤ 2.2 ሲካፈል ለ10 ርቢ 16 ያህል ነው። ስህተት የሚመጣው ከአቀማመጥ ብቻ ነው፣ መጠኑም ሁልጊዜ ያው ነው ብሎ ለሚያስብ ሰው ይህ ጥሩ ይመስላል። ለ0.1 + 0.2 ይሠራልም።

ግን ማስመሪያውን አስታውሱ። ጭረቶቹ እኩል አይራራቁም። ኤፕሲሎን በ1 ሰፈር ያለው የጭረት ርቀት ነው። አንድ ሚሊዮን ብር ሰፈር ላይ በሁለት ጭረቶች መካከል ያለው ርቀት ከኤፕሲሎን 524,288 እጥፍ ይበልጣል። እዚያ ሰፈር ሁለት ቁጥሮች ወይ አንድ ናቸው፣ ወይ ልዩነታቸው ከኤፕሲሎን እጅግ ይበልጣል። መካከለኛ የለም። ስለዚህ ያ ሁሉ ጥንቃቄ ከተራው == አንድም አይለይም። 30 ሳንቲም ላይ ቀዩን ምልክት ያጠፋል፤ ሚሊዮን ብር ላይ ቀዩ ምልክት ተመልሶ ይመጣል። መሐንዲስ ብትሆኑ፣ ከሴንሰር የመጣ ሙቀት ወይም ርቀት ብታወዳድሩ፣ ከቁጥሩ መጠን ጋር አብሮ የሚያድግ ልዩነት ተጠቀሙ። የፓይተኑ `math.isclose` የሚያደርገው ይህንኑ ነው። አንዱ ቁጥር ዜሮ ከሆነ ግን እሱም አይረዳችሁም። ከዜሮ ጋር በንጽጽር «ቅርብ» የሚባል ነገር ስለሌለ `abs_tol` የሚለውን ራሳችሁ መስጠት አለባችሁ።

ገንዘብስ? ገንዘብ ላይ «ቅርብ ነው» ማለት አይቻልም። ኃላፊዋም ያሉት ይህንኑ ነው። «እኔ እኩል ነው ወይም አይደለም ነው የምፈልገው» አሉ። ልክ ናቸው።

አንዱ መንገድ ዴሲማል ነው። በአስር ስለሚቆጥር 0.1ን እንዳለ ይይዘዋል። ግን እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ በብዙ ኮድ ውስጥ አይቼዋለሁ፦

```python
>>> Decimal('0.1') + Decimal('0.2') == Decimal('0.3')
True
>>> Decimal(0.1) + Decimal(0.2) == Decimal(0.3)
False
```

ልዩነቱ የጥቅስ ምልክቷ ብቻ ናት። ያለ ጥቅስ ስትጽፉት 0.1 አስቀድሞ በባይናሪ ተጠጋግቷል፤ ዴሲማል የሚቀበለው የተጠጋጋውን ነው። አንዴ የጠፋውን መልሶ አያመጣውም። ዴሲማልም ቢሆን ለሁሉም መድኃኒት አይደለም። አንድን ለሦስት አካፍላችሁ በሦስት ብታባዙት አንድ አይመጣም፤ አንድ ሦስተኛ በአስርም አያልቅምና።

እኛ የመረጥነው ሌላውን መንገድ ነው። ሁሉንም በሳንቲም፣ በሙሉ ቁጥር አስቀመጥነው። 10 ሲደመር 20፣ 30። ሙሉ ቁጥሮች ጭረቱ ላይ በትክክል ያርፋሉ። የሚጠጋጋ ነገር ስለሌለ እኩል መሀልም የለም። ብር ከነነጥቡ የሚታየው ስክሪኑ ላይ ሲወጣ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ የቀረችው ጥያቄ አንድ ናት። ያቺ 2 ብር ከ67 ሳንቲም ተኩል። ሳንቲም ለሁለት አይከፈልም። 267 ትሁን ወይስ 268? አንድ ብር ለሦስት ሰው ሲካፈል የምትተርፈዋ አንድ ሳንቲምስ ለማን ትሂድ? ይህን ፕሮግራመር መወሰን የለበትም፤ የፍሎቲንግ ፖይንት ሕግ እንዲወስነውም መተው የለበትም። ኃላፊዋን ጠየቅናቸው። ግማሽ ሲሆን ወደ ላይ፣ የተረፈችው ሳንቲም ደግሞ ለመጨረሻው ክፍያ አሉን። በጽሑፍ ሰጡን። እኛም ኮዱ ውስጥ እንዳለ አስገባነው።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ላፕቶፕ የያዛችሁ 0.1 + 0.7ን ከ0.8 ጋር አወዳድሩና ውጤቱ ለምን እንደዚያ እንደሆነ በጭረት አስረዱኝ። 0.8 ያለው ሌላ ክልል ውስጥ ስለሆነ በ2 ርቢ 53 አባዙት። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።